የእጅ አስተሻሸትን በቀለም መፈተን

ድሬዳዋ ላይ አዲስ ነርሶችን የምታለማምዱ ባልደረቦች፣ የእጅ ንጽሕናን ስታሳዩ ከአልኮሉ መጠን ጀምሩ። በዚህ ሙቀት ጥቂት ጠብታ ወዲያው ይተናል፤ ነርሷም እጇ ስለደረቀ የጨረሰች ይመስላታል። ጎድጎድ ያለ መዳፍ የሚሞላ ያህል ይፍሰስ። ማሸቱ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ እጅ ከዚያ ቀድሞ ከደረቀ የተወሰደው አልኮል አንሷል።

ቅደም ተከተሉን በዝግታ አሳዩ፦ መዳፍ ለመዳፍ፣ መዳፍ በሌላው እጅ ጀርባ ላይ ጣቶች ተጠላልፈው፣ እንደገና መዳፍ ለመዳፍ ጣቶች ተጠላልፈው፣ የታጠፉ ጣቶች ጀርባ በመዳፍ ውስጥ፣ ከዚያ አውራ ጣትን ጨብጦ ማሽከርከር፣ በመጨረሻም የጣት ጫፎችን መዳፍ ላይ እያዞሩ ማሸት። ቀለበት አስቀድሞ ይውለቅ።

ለፈተናው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነርሷ ነጭ ጓንት ታጥልቅ፤ መዳፏ ላይ ጥቂት የውሃ ቀለም አፍስሱላትና ዓይኗን ጨፍና እንደ አልኮል ታሽው። መጨፈኗ ግድ ነው፤ ካየች ባዶውን ቦታ እያሳደደች ትቀባዋለች። ብዙ ጊዜ ነጭ ሆነው የሚቀሩት አውራ ጣት፣ የጣት ጫፎችና የእጅ ጀርባ ናቸው። አውራ ጣቷ ነጭ ከቀረ ጨብጦ የማሽከርከሩን እንቅስቃሴ ለብቻው ትለማመደው፤ ከዚያ በአዲስ ጓንት ሙሉውን ትድገም።

እጅ ላይ ደም ወይም ቆሻሻ ከታየ ግን አልኮል አይበቃም፤ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠባል።