ሰማዩ አብሮ ሲያለቅስ፦ በአጭር ልቦለድ የአየር ጠባይ ገለጻ ችግርና መፍትሄ

ገጸ ባሕርዩ ያዝናል፤ ወዲያው ዝናብ ይጀምራል። ይደሰታል፤ ፀሐይ ትወጣለች። ጓደኞቼ የልቦለድ ረቂቅ ሲሰጡኝ እርሳሴ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡም ፀሐይዋም የሰውን ስሜት ሊያሳዩ ይችላሉ። ነገሩ የሚበላሸው ገለጻው ሰውየውን ሲሸፍነው ነው። አንድ አንቀጽ ይዘን እንየው። ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ነው፤ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ሰማዩ ከል ለብሷል። ደመናው የአቶ ታደሰን ኀዘን ተካፍሎ እንባውን ያለማቋረጥ ያፈሳል። ጨካኙ ነፋስ እንደ አልቃሽ ሙሾ ያወርዳል። የግቢው ባሕር ዛፎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተዋል። የአቶ ታደሰ ልብ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጨፍግጓል።»

ታሪኩ ይህ ነው። የአቶ ታደሰ ልጅ ሄለን ትናንት ማታ ለሥራ ወደ ቤይሩት ሄዳለች። ጊዜው ሐምሌ ነው፣ ቦታው አዲስ አበባ፣ ሰዓቱ ማለዳ።

ምልክት፦ አንባቢው «ገባኝ፣ አዝነዋል» ብሎ አንቀጹን ይዘለዋል

አምስቱም ዓረፍተ ነገሮች የሚሉት አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው ላይ «ኀዘን» የሚለው ቃል ራሱ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ነፋሱም፣ ዛፉም፣ ልቡም ያንኑ ይደግሙታል። አንባቢ የተነገረውን ነገር አራቴ መስማት አይፈልግም።

ሌላም መነሻ አለው። በአንቀጹ ውስጥ ሰማይ ይለብሳል፣ ደመና ያለቅሳል፣ ነፋስ ሙሾ ያወርዳል። አቶ ታደሰ ግን ምንም አያደርጉም። ሥራቸውን ሁሉ ተፈጥሮ ወስዳባቸዋለች። እንግሊዛዊው ሃያሲ ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ለዚህ ልማድ፣ ማለትም ለተፈጥሮ የሰው ስሜት ለማልበስ፣ ስም አውጥቶ ተችቶታል። ጉዳዩ የቆየ ነው፤ የእኛ ብቻም አይደለም።

መፍትሄው በእርሳስ ይጀመራል። ሰው ብቻ የሚያደርጋቸውን ግሶች አስምሩባቸው፦ ለብሷል፣ ተካፍሎ፣ ሙሾ ያወርዳል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከዚያ ሰርዟቸው። የሚተርፈው ዝናብ፣ ነፋስና ባሕር ዛፍ ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ዝናብ አቶ ታደሰን ምን ያስደርጋቸዋል?

የሐምሌ ዝናብ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ያስደርጋል። ልብስ በሦስት ቀኑም አይደርቅም። ከሰሉ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ አይቀጣጠልም። የቆርቆሮው ጩኸት ወሬ ያቋርጣል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ደግሞ ባልዲ ይቀመጣል፤ ጠፈጠፉ ሲሞላው ወደ በርሜል ይገለበጣል። እኔ ባልዲውን እመርጣለሁ። በቤቱ ውስጥ ባልዲውን የሚገለብጥ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ትናንት ሄዷል።

ምልክት፦ ገለጻው ያምራል፣ ግን የማንም ሊሆን ይችላል

ይህን ለመለየት የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። አንቀጹን ወደ ሌላ ሰው አዙሩት። በአቶ ታደሰ ቦታ ፈተና የወደቀ ተማሪ አስገቡ። ያለ ምንም ለውጥ ከገጠመ፣ አንቀጹ የአቶ ታደሰ አልነበረም ማለት ነው። ከላይ ያለው አንቀጽ ለተማሪውም፣ ለከሰረ ነጋዴም፣ ለተጣላ ፍቅረኛም ይሠራል።

መነሻው ደራሲው በራሱ ዓይን ማየቱ ነው። በመስኮት ቆሞ የሚያምረውን ሁሉ ይለቅማል። ሐምሌ ማለዳ ከቤት የወጡ አባት ግን ስለ ደመናው ቅርጽ ግድ የላቸውም። ዓይናቸው የሚያርፈው የሚያውቁት ነገር ላይ ነው።

አሜሪካዊው ደራሲና የጽሑፍ መምህር ጆን ጋርድነር ለተማሪዎች የሚሰጠው አንድ መልመጃ ነበረው። ልጁ በጦርነት የሞተበት ሰው የሚያየውን የእርሻ ጎተራ ግለጹ፤ ልጁንም፣ ጦርነቱንም፣ ሞቱንም እንዳታነሱ ይላል። የሚያየውን ሰው ራሱንም መጥቀስ አይፈቀድም። ሁሉም ነገር ከጎተራው መምጣት አለበት። ከባድ ነው፤ ግን ዓይንን ቶሎ ያስተካክላል። እኛም ለአቶ ታደሰ እንሞክረው፤ ሰውየውን ብቻ አናስወጣም። «ኀዘን»፣ «ናፍቆት»፣ «ልብ» የሚሉት ቃላት ተከልክለዋል።

«ሌሊት የጀመረው ካፊያ ጠዋትም አላቆመም። አቶ ታደሰ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ከጠፈጠፉ ሥር ያለው ባልዲ ሞልቶ ወደ በረንዳው ይፈሳል። ውኃው ነጠላ ጫማቸውን እስኪያርሰው ቆመው አዩት። ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉ።»

ዶፍ ትቼ ካፊያ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ዶፍ ይጮኻል፤ ካፊያ ግን አይቸኩልም፣ አያልቅም። አማርኛ ለዝናብ በቂ ስም ስላለው «ከባድ»፣ «አሳዛኝ»፣ «ቀዝቃዛ» የሚሉ ቅጽሎችን መደራረብ አያስፈልግም። ትክክለኛውን ስም ካገኛችሁ ቅጽሉ ራሱ ይወድቃል። ባልዲው አለመገልበጡ ደግሞ ትልቁን ሥራ ይሠራል። አቶ ታደሰ ሊገለብጡት ይችሉ ነበር፤ አልገለበጡትም።

ምልክት፦ ከቆረጥኩት በኋላ አንቀጹ ደረቀ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ «ሰማዩ አለቀሰ» ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ መጨረሻው ላይ ማብራሪያ ይለጥፋል፦ «ሁልጊዜ ባልዲውን የምትገለብጠው ሄለን ነበረች፤ አሁን ግን የለችም።» ይህ ዓረፍተ ነገር የሠራነውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

የድርቀቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ይህ አንቀጽ ውስጥ የለም። ከፊት ያሉት ገጾች ላይ ነው ያለው። አንባቢው ባልዲውን ከዚህ በፊት ካላየው አሁን ባልዲ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመለሱ። የታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ፣ ገና ስለ ጉዞው ሳይነሳ፣ ሄለን ስልክ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ እያወራች ባልዲውን ወደ በርሜሉ ትገልብጥ። አባቷም ከውስጥ «ነጠላ ጫማ አድርጊ እንጂ!» ይበሉ። አንድ ሁለት መስመር ይበቃል፤ ምንም ትርጉም አትስጡት። አንባቢው እንደ ተራ የቤት ሥራ ያልፈዋል። በኋላ የሞላውን ባልዲና የረጠበውን ነጠላ ጫማ ሲያይ ግን ሁለቱን ራሱ ያገናኛል።

ባልዲው ደግሞ ሲደጋገም ይሰለቻል። ለአጭር ልቦለድ ሦስት ጊዜ መምጣቱ ይበቃል ባይ ነኝ፤ በየመጣ ቁጥርም የሆነ ነገር ሊለወጥበት ይገባል። ሦስተኛው ላይ ለምሳሌ አቶ ታደሰ ራሳቸው ባልዲውን ይገለብጡ ይሆናል።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ቀድሞ ይታወቃል

ዝናብ ለኀዘን፣ ፀሐይ ለደስታ ብቻ ከሆነ አንባቢው ሰማዩን አይቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ዝናብ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ክረምቱ ዘግይቶበት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ለከረመ ገበሬ ዶፉ እፎይታ ነው። መስከረም ላይ፣ አደይ አበባ ባለበት፣ ብራ ሆኖ ቀብር የሚወጣ ሰውም አለ። እዚያ ብራው ራሱ ያማል። ስሜቱና ሰማዩ ሲጋጩ ብዙ ጊዜ ከመመሳሰላቸው ይልቅ ይበረታሉ፤ ሁልጊዜ ማጋጨት ግን ያው ሌላ ልማድ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሰማዩ አለቀሰ» የሚለው አባባል ፈጽሞ ይጥፋ አልልም። ሙሾ ውስጥ ተፈጥሮ ከሰው ጋር ታለቅሳለች፤ ያ የራሱ ሥርዓት ያለው ጥበብ ነው። የአቶ ታደሰ ጎረቤት እትዬ አስካለ መጥተው «አይዞህ ታደሰ፣ ሰማዩም እኮ አብሮህ እያለቀሰ ነው» ቢሉ ተገቢ ነው። የእሳቸው አፍ ነው፣ የእሳቸው ዘመን ነው። ተራኪው ያንኑ ሲል ነው መሰረዝ ያለበት።