ከአሜሪካ የመጣ ውክልና አዳማ ላይ ለምን ይመለሳል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት እህት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች እንበል። አዳማ ያለውን ቤቷን ወንድሟ እንዲሸጥላት ውክልና ትልካለች። ወረቀቱ በማህተም ተሞልቶ ይደርሳል፤ መዝጋቢው ግን አገላብጦ አይቶ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመለስ ማየት ያማል። የሚሸጠው ቤት፣ የተቀበሉት ቀብድ፣ የሚጠብቀው ገዢ አለ። ደግሞ አብዛኛው ጥፋት ከአሜሪካ ሳይወጣ ሊታይ የሚችል ነው።

ማህተሙን መቁጠር እንጂ አለማንበብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እያንዳንዱ ማህተም የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ስለፈረመው ሰው ብቻ ነው። ኖተሪው የእህትየውን ፊርማ ያረጋግጣል። የካውንቲው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር የኖተሪውን ያረጋግጣል። አናፖሊስ ያለው የግዛቲቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ የሬጅስትራሩን፣ ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማለትም ስቴት ዲፓርትመንት የግዛቲቱን፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ደግሞ የስቴት ዲፓርትመንትን። አንዱ ከተዘለለ የሚቀጥለው ቢሮ የማያውቀውን ፊርማ አያረጋግጥም።

ስለዚህ ከመጨረሻው ማህተም ጀምረው ወደ ኋላ ያንብቡ። "የማንን ፊርማ ነው ያረጋገጠው?" ብለው ይጠይቁ። የተጠቀሰው ስምና ሥልጣን ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ መገኘት አለበት። እንዲህ እያሉ እህትየው ፊርማ ድረስ ይውረዱ።

በእኛ ምሳሌ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ገና ታች ላይ ሊሆን ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሮክቪል ነው። ኖተሪው ግን ፈቃዱን ያወጣው ከጎረቤቱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከሆነ ፊርማው ሮክቪል መዝገብ ውስጥ የለም። ወረቀቱ መሄድ ያለበት ኖተሪው ወደተመዘገበበት ካውንቲ ነው። ይህን ለማወቅ የኖተሪው ማህተም ላይ የተጻፈውን የካውንቲ ስም ማየት ይበቃል።

አፖስቲል ይዞ መምጣት

አፖስቲል በ1961 እ.ኤ.አ. በሄግ ስምምነት የመጣ አጭር መንገድ ነው። በአባል አገሮች መካከል አንድ ማረጋገጫ ይበቃል፣ ኤምባሲ መሄድ የለም። አሜሪካ አባል ናት፣ ኢትዮጵያ ግን አይደለችም። እህትየው አናፖሊስ ስትጠይቅ ወረቀቱ ኢትዮጵያ እንደሚሄድ በግልጽ መናገር አለባት። ካልተናገረች አፖስቲል ሊሰጧት ይችላሉ፤ ያ ደግሞ እዚህ አይሠራም። ስቴት ዲፓርትመንትም DS-4194 በሚባለው ቅጽ ላይ ሰነዱ የሚሄድበትን አገር ይጠይቃል። እዚያም ኢትዮጵያ ብላ ትሙላ።

ስቴፕሉን መንቀል

ኮፒ ለማድረግ እንዲመች ብዙ ሰው ስቴፕሉን ነቅሎ መልሶ ይመታል። የማረጋገጫው ገጽ ከሥሩ ካለው ወረቀት ጋር ተያይዞ ነው ዋጋ ያለው። ሁለት ቀዳዳ የሚታይበት ወረቀት "ገጽ ተቀይሮ ይሆን?" ያሰኛል፤ ማንም ቢሆን ይጠረጥራል። ገጾቹን እንደተያያዙ አጥፎ ኮፒ ማድረግ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል።

ከኤምባሲ ቀጥታ አዳማ

የኤምባሲው ማህተም ሲያርፍ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ገና ነው። የኤምባሲውን ፊርማ የሚያረጋግጠው አዲስ አበባ ያለው የእኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። አዳማ ያለው መዝጋቢ ዋሽንግተን የሚፈርመውን ዲፕሎማት በምን ያውቀዋል? ዋናውን ሰነድ ይዘው መጀመሪያ አዲስ አበባ ይሂዱ።

እህትየው ራሷ ኤምባሲው ድረስ መሄድ ከቻለች ውክልናውን እዚያው ቀርባ ብትፈርም ይሻላታል። ከኖተሪ እስከ ስቴት ዲፓርትመንት ያለው መንገድ በሙሉ ይቀርላታል። የአዲስ አበባው ማህተም ግን ያኔም አይቀርም።

ማህተሙ ይዘቱን የሚያድን መምሰል

ይሄኛው ልብ ይሰብራል። ሁሉም ማህተም ተሟልቶ፣ ውክልናው "ንብረቴን በሙሉ ያስተዳድርልኝ" ብቻ ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አያበቃም። በመንገዱ ላይ ከፈረሙት ቢሮዎች አንዱም ይህን አይነግራትም፤ ሥራቸው ፊርማ ማረጋገጥ ነውና።

"እንዲሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር" ተብሎ ይጻፍ። ቤቱ ያለበት ቀበሌና የካርታ ቁጥሩ ይግባ። የእህትየው ስም ካርታው ላይ እንዳለው እስከ አያት ይጻፍ፤ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ ፊደል ከተጻፈ ሁለቱም ይጠቀሱ። ረቂቁን ከመፈረሟ በፊት በቴሌግራም ለወንድሟ ትላክለት፤ እሱ ደግሞ አዳማ ላይ ለሚመዘግበው ክፍል ያሳየው። ያኔ አንድ ቃል ማስተካከል ምንም አያስከፍልም።