መብራት፣ ጄኔሬተርና ሶላር በኮንታክተር ሲቀያየሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ደወሉልኝ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። «ልጄ፣ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ግን መብራቱን ሲይዝ ያቃስትና ይጠፋል። ነዳጁ ይሆን?» አሉኝ።

ነዳጁ አልነበረም። ሰፈሩ ጨለማ ነው፤ የዋናው መስመር ኮንታክተር፣ ማለትም ቤቱን ከዋናው መስመር ጋር በማግኔት የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ማብሪያ፣ ግን አልለቀቀም። የእሳቸው 2.5 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር ቤታቸውን አልፎ ሰፈሩን ለማብራት ሲታገል ነው የሚታፈነው። ይህ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም። የሰፈር ትራንስፎርመር በተገላቢጦሽም ይሠራል። ከቤት በኩል 220 ቮልት ሲገባበት በላይኛው መስመር 15 ሺህ ቮልት ሊያወጣ ይችላል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ያንን ነው የሚነካው።

የመቀያየሪያውን ሳጥን ከፍቼ አንድ በአንድ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ሥራውን ራሱን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይሥራው፤ እናንተ ግን ምን እንደምትጠይቁት እወቁ።

ኮይሉን ያለ ጠባቂ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት

ችግሩ የጀመረው እዚህ ነው። የዋናው መስመር ኮንታክተር ኮይል፣ ማለትም ማግኔቱን የሚፈጥረው ጥቅል ሽቦ፣ በቀጥታ ከቆጣሪው በሚመጣው መስመር ላይ ታስሯል። ሽቦ የሚቆጥብ ይመስላል። ግን የ220 ቮልት ኮይል በእርግጠኝነት እንዲስብ ቢያንስ 85 በመቶ፣ ማለትም 187 ቮልት ይፈልጋል። ቮልቱ ወደ 75 በመቶ፣ 165 ገደማ ሲወርድ ደግሞ ሊለቅ ይችላል።

ማታ ስለካው መስመሩ 192 ቮልት ነበር። ከዚያ ምጣዱን አስለኮስኩ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት፣ ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ቮልቱ ወደ 160 ወረደ፤ ኮንታክተሩም ለቀቀ። ሲለቅ ምጣዱ ተቋረጠ፤ ምጣዱ ሲቋረጥ ቮልቱ ወጣ፤ ሲወጣ ኮንታክተሩ እንደገና ሳበ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። በእያንዳንዱ ጠቅታ ውስጥ እሳት አለ። ያ እሳት ኮንታክቱን እያቀለጠ ቆይቶ አንድ ቀን በየደው።

መፍትሔው የቮልት መቆጣጠሪያ ሪሌ ነው። ኮይሉ በእሱ በኩል ይለፍ። እኔ ከ175 በታች ሲሆን እንዲቆርጥ፣ ከ190 በላይ ሆኖ 3 ደቂቃ ከቆየ ብቻ እንዲመልስ አስተካከልኩት። 3 ደቂቃው ለፍሪጁም ይጠቅማል፤ ኮምፕረሰሩ ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ይጎዳልና። ምጣዱንም ከሳጥኑ አውጥቼ ለብቻው ብሬከር ሰጠሁት። ጄኔሬተሩም የሶላሩ ኢንቨርተርም አይችሉትም፤ መብራት ሲኖር ብቻ ይጋገር።

መቆለፊያውን ከሪሌ መውሰድ

ኮንታክተር ተበየደ እንበል። ያኔም ቢሆን ጄኔሬተሩ መግባት አልነበረበትም። ኢንተርሎክ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ገብቶ ሳለ ሌላው እንዳይገባ።

እትዬ ቤት ኢንተርሎክ ነበረ። የተወሰደው ግን ከሌላ ትንሽ ሪሌ ነው። መብራት ሲጠፋ ሪሌው «ጠፍቷል» አለ፣ ለጄኔሬተሩም መንገድ ከፈተለት። ሪሌው አልዋሸም። ግን ስለ ኮንታክተሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

ትክክለኛው አሠራር መቆለፊያውን ከራሱ ከኮንታክተሩ መውሰድ ነው። በጎኑ ወይም በፊቱ ላይ ሲሳብ የሚከፈት ረዳት ኮንታክት አለ፤ ብዙ ጊዜ 21 እና 22 ተብሎ ይጻፋል። የጄኔሬተሩ ኮይል የሚያገኘው ኃይል በዋናው መስመር ኮንታክተር 21 እና 22 በኩል ይለፍ፤ የዋናው ደግሞ በጄኔሬተሩ። ሲገዙ «ሚረር ኮንታክት» የሚል መሆኑን ይጠይቁ። ይህ ዓይነት ዋናው ኮንታክት ከተበየደ ረዳቱ ፈጽሞ እንዳይዘጋ ተደርጎ የተሠራ ነው። እንግዲህ ኮንታክተሩ ሲጣበቅ ጄኔሬተሩ አይገባም፤ ቤቱ ጨለማ ይሆናል። ጨለማው ይሻላል።

ሦስት ኮንታክተር ደርድሮ በሽቦ ብቻ መተማመን

የሽቦ መቆለፊያ ብቻውን አይበቃም። ሰው በስህተት በጣቱ ሊጫነው፣ አንድ ሽቦ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱ መሐል የሚገባ የሜካኒካል መቆለፊያ ያስፈልጋል። ችግሩ ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሁለት ኮንታክተር ብቻ የሚቆልፍ መሆኑ ነው። ምንጩ ግን ሦስት ነው።

እኔ የምመርጠው ሁለት ጥንድ ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ከዋናው መስመርና ከጄኔሬተሩ አንዱን ይመርጣል። ሁለተኛው ጥንድ ከዚያ የወጣውንና ኢንቨርተሩን ያማርጣል። አራት ኮንታክተር ይሆናል፤ አንድ ይጨመራል። ግን እያንዳንዱ ጥንድ በብረትም በሽቦም የተቆለፈ ነው። ኢንቨርተሩ ላይ ሌላ ምንጭ ድንገት ቢገባበት የውስጡ ትራንዚስተሮች በቅጽበት ይቃጠላሉ፤ የአንድ ኮንታክተር ዋጋ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

የኢንቨርተሩን መግቢያ ከቤቱ መስመር መውሰድ

ባትሪውን ከመብራትም የሚሞላ ኢንቨርተር የኃይል መግቢያ አለው። ብዙዎች ለቅርበቱ ብለው ከቤቱ ሶኬት መስመር ይቀጥሉለታል። ታዲያ ቤቱ በኢንቨርተሩ ሲሠራ የኢንቨርተሩ ውጤት ተመልሶ ወደ ራሱ መግቢያ ይገባል። ባትሪው ራሱን እየሞላ ያልቃል፤ ወይም ኢንቨርተሩ ስህተት አሳይቶ ይቆማል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ምንም ሳይበራ ባትሪው ይወርዳል።

ከላይ ባልኩት አሠራር መግቢያው ከመጀመሪያው ጥንድ ውጤት ይወሰድ፤ ከሁለተኛው ጥንድ በፊት። የጄኔሬተሩ አቅም ትንሽ ስለሆነ የመሙያ አምፔሩንም በኢንቨርተሩ ላይ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ኑሉን ለሁሉም አንድ ማድረግ

ፌዙን ብቻ ቀያይሮ ኑሉን፣ ማለትም የመመለሻ ሽቦውን፣ አንድ ላይ ማሰር የተለመደ ነው። አንዳንድ ኢንቨርተሮች ግን ኑሉን ውስጥ ለውስጥ ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኛሉ። ኑሉ የጋራ ሲሆን ጅረቱ በሁለት መንገድ ይመለሳልና ሰው ከመነዘር የሚጠብቀው ብሬከር ያለ ምክንያት ይወርዳል። ባለ 3 ፖል ኮንታክተር ካለ አንዱ ፖል ለፌዝ፣ አንዱ ለኑል ይሁን። የመሬት ሽቦ ግን በፍጹም አይቆረጥም።

ሳይፈትሹ ማስረከብ

ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ባትሪውም ተላቆ፣ የአንዱን ኮንታክተር መሐል በእጅ ጫኑ። ጓደኛው ሲጫኑት አልንቀሳቀስ ማለት አለበት። ከዚያ ኃይሉን መልሳችሁ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ባለ 2 ፖል ዋና ብሬከር አውርዱና ጄኔሬተሩ ቤቱን ይያዝ። አሁን ብሬከሩ ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት በኩል ለኩ። ዲጂታል መለኪያ አንዳንዴ የሌለ 20 እና 30 ቮልት ያሳያል፤ ስለዚህ ባለ 60 ዋት የድሮውን ባለ ክር አምፖል አገናኙበት።

እትዬ ቤት አምፖሉ በመጀመሪያው ቀን ቦግ ብሎ በራ። አራቱን ኮንታክተር ከቀየርን በኋላ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። አልበራም።