ኖቱን ጨርሳችሁ ጥያቄው እምቢ ሲላችሁ

ምልክቱ፦ የማይክሮኢኮኖሚክስ ኖታችሁን ከዳር እስከ ዳር አንብባችኋል። ኢላስቲሲቲ ምንድን ነው ቢሏችሁ ትመልሳላችሁ። ስሌት ሲመጣ ግን የትኛውን ፎርሙላ እንደምትጠቀሙ ግራ ይገባችኋል። እዚህ ድሬዳዋ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳስጠና አብዝቼ የማየው ይህን ነው።

ምክንያቱ፦ ኖቱ የተሰለፈው መምህሩ ባስተማሩበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ትርጉሙ ሰኞ ተጻፈ፣ ፎርሙላው ረቡዕ። ከገቢ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ በሌላ ሳምንት፣ በሌላ ርዕስ ሥር መጣ። ሦስቱ የአንድ ሐሳብ ክፍሎች መሆናቸው ገጹ ላይ አይታይም። ኖቱን በሚያምር ጽሕፈት መገልበጥም አይረዳም፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ኖቱን እያገላበጣችሁ እያንዳንዱ አንቀጽ የየትኛው ጽንሰ ሐሳብ እንደሆነ ዳር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ወረቀት ያዙ። የተበተነውን ሁሉ እዚያ ሰብስቡ። ከላይ ትርጉሙ በራሳችሁ ቃል ይግባ፣ ከሥሩ እስከ መጨረሻው የተሠራ ምሳሌ።

የኢላስቲሲቲን ወረቀት እንሥራ። ትርጉም፦ ዋጋ በመቶኛ ሲለወጥ፣ ሰው የሚገዛው መጠን በመቶኛ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳይ ቁጥር። ምሳሌ፦ ቀፊራ ገበያ አንዲት ነጋዴ ሽንኩርት ኪሎውን በ40 ብር ስትሸጥ በቀን 120 ኪሎ ይሄድላታል እንበል። 60 ብር ስታደርገው 80 ኪሎ ብቻ ይሸጣል።

በመነሻው ዋጋ ስናሰላ መጠኑ በ33.3 በመቶ ቀነሰ፣ ዋጋው በ50 በመቶ ጨመረ። የመጠኑን ለውጥ ለዋጋው ለውጥ ስናካፍል ውጤቱ 0.67 ገደማ ነው (የመቀነስ ምልክቱን ትተን)። ከ60 ወደ 40 ስንመለስ ግን 50 ለ33.3 ይሆንና 1.5 ይወጣል። ገበያው ያው፣ መልሱ ሁለት! ኖቱ ላይ ሁለተኛ ፎርሙላ የተጻፈው ለዚህ ነው። ለውጡን ለመነሻው ሳይሆን ለሁለቱ ቁጥሮች አማካይ ስናካፍል የመጠኑ ለውጥ 40 ለ100፣ የዋጋው 20 ለ50 ነው። ሁለቱም 40 በመቶ ስለሆኑ መልሱ በየትኛውም አቅጣጫ 1 ነው። መልሱ 1 ሲሆን ገቢ አይለወጥም፤ ገቢውም ይህንኑ ይመሰክራል፤ 40 በ120 ሲባዛ 4,800 ብር፣ 60 በ80 ሲባዛም 4,800 ብር።

እዚያው ወረቀት ላይ «ሁለት ነጥቦች ተሰጥተው በመካከላቸው ያለው ሲጠየቅ፦ አማካይ» ብላችሁ ጻፉ። ፈተና ላይ የሚያስፈልጋችሁ ይህ መስመር ነው፤ ኖቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሌላ ምልክት፦ ምሳሌው ገብቶኛል ትላላችሁ፣ ቁጥሩ ሲቀየር ግን ትቆማላችሁ። ምክንያቱ እርምጃውን እንጂ ለምን እንደተደረገ አልጻፋችሁም። ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉ። ከዚያ ምሳሌውን በወረቀት ሸፍናችሁ ዋጋውን ከ20 ወደ 30፣ መጠኑን ከ90 ወደ 70 አድርጋችሁ ሥሩት። 0.625 ካልመጣ የተሳሳታችሁበትን እርምጃ ፈልጉና ማስታወሻውን እዚያ ላይ አስተካክሉ።