ለውጭ አገር ዘመድ «ላፕቶፕ ይዘውልኝ ይምጡ» ብለን ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ እህቴ ሲቪል ምህንድስና ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋን ስትሠራ መብራት ሄዶ ያላስቀመጠችው ሥዕል ስንት ጊዜ እንደጠፋባት እኔ ነኝ የማውቀው። አሮጌው ላፕቶፗ ባትሪው ሞቶ ስለነበር ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ለዚህ ነው ብዙ ጠይቀን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ቲንክፓድ T480 የመረጥነው። ይህ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከሥር ተነቃይ ነው። የውጭው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳያጠፉ ነቅለው ሌላ የተሞላ ይሰኩበታል፤ እስከዚያ ድረስ የውስጡ ያቆየዋል። አሜሪካ ሜሪላንድ ላለችው አክስታችን ደብዳቤ ጻፍን፤ የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ግን ስህተት የበዛበት ነበር።

የሞዴሉን ስም ብቻ መጻፍ

«T480 የሚባል ቲንክፓድ» ብለን ነበር የጻፍነው። አክስታችን ሱቅ ስትሄድ ሻጩ T480s አወጣላት። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። «ይሄኛው ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ያው ነው» አላት። ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን T480s ተነቃይ ባትሪ የለውም። እኛ የፈለግነው ዋናው ነገር እሱ ነበር። ራሙም ከፊሉ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ T480 ላይ እንደሚደረገው ሁለቱንም ራሞች መቀየር አይቻልም። ደግነቱ ሳትከፍል ደወለችልን።

ኮምፒውተር የማያውቅ ዘመድ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃ ፊት ለፊት ሲቀመጥለት በመልክ ሊለይ አይችልም፤ በጽሑፍ ግን ይለያል። ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ የማሽኑ ዓይነት ቁጥር አለ። የT480 ቁጥር በ20L5 ወይም በ20L6 ይጀምራል፤ የT480s ደግሞ በ20L7 ወይም በ20L8። ደብዳቤው ውስጥ ይህን መጻፍ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ከመጻፍ ይሻላል። ምክንያቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ «ባትሪው የሚነቀለውን የምንፈልገው መብራት ስለሚጠፋ ነው» ካልናት ሻጩ ምንም ቢላት ትጠይቀዋለች።

የማይለወጠውንና ሊታለፍ የሚችለውን አለመለየት

አንድ ሞዴል ውስጥም ብዙ ዓይነት አለ። አንዳንዱ T480 ስክሪኑ 1366 x 768 ነው፤ ሥዕል ለሚሠራ ሰው ጠባብ ነው፣ ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ ይደበዝዛል። እኛ የፈለግነው 1920 x 1080 ነው። ፕሮሰሰሩም ከ i5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 የሚጀምር መሆን አለበት፤ ለምሳሌ i5-8350U። ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን አብዛኞቹን አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል።

ራሙና ስቶሬጁ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሊጨመሩ ይችላሉ። T480 ሁለት የራም ማስገቢያ ስላለው 8 ጊጋባይት ይዞ ቢመጣ ሌላ 8 ገዝቶ መሰካት ይቻላል። ስለዚህ ብሩ ካልበቃ እዚህ ላይ ይቀነስ ብሎ መጻፍ ይገባል። ይህን ያልጻፈ ሰው ዘመዱ ራሙን ትልቅ አድርጎ ስክሪኑን መጥፎ ገዝቶ ይመጣለታል።

በጀቱን በብር፣ ያውም በግምት መጻፍ

ይህ ስህተት ሰው ያጣላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተጻፈ በጀት በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ ላፕቶፕ ብቻ የሚገዛ ሆነ ማለት ነው። በጀት በዶላር ይጻፍ።

ሌላው ታክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋ የሽያጭ ታክስን አይጨምርም። የሜሪላንድ 6 በመቶ ነው። ጣሪያችን 230 ዶላር ነበር። አክስታችን በ219 ዶላር አንድ አገኘች፤ ከታክስ ጋር 232 ዶላር ከ14 ሳንቲም ይመጣል፣ አለፈ። በ205 ያገኘችው 217 ዶላር ከ30 ሳንቲም ሆነ፣ ገባ። «230 ዶላር ታክስና ማመላለሻን ጨምሮ» ብለን ባንጽፍ ኖሮ ሁለቱንም ከበጀት በታች ናቸው ብላ ነበር። የጎደለውን ከኪሷ ጨምራ ዝም እንደምትልም አውቃለሁ። ይሉኝታ ያለባት ሴት ናት። ስለዚህ «ካለፈ ይቅር» የሚለውን ቃል በግልጽ መጻፍ ለእሷ ማሰብ ነው።

ምን እንደምትፈትሽ አለመንገር

በዚህ ዋጋ የሚገኘው ያገለገለ ነው፤ ብዙዎቹም ድርጅቶች ተጠቅመው የለወጧቸው ናቸው። አንዳንዱ የድርጅቱን ቁልፍ ይዞ ይሸጣል። ሲከፈት F1 ተጭኖ የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ወይም ዊንዶውስ ሲጀምር የአንድ ድርጅትን ስም ጠርቶ በዚያ መለያ እንዲገቡ ካስገደደ መመለስ አለበት። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚከፍተው ማግኘት ከባድ ነው።

ባትሪውን ለማየት ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
powercfg /batteryreport
```

ሪፖርቱ መስኮቱ በሚነግረው ቦታ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ እሱ ሲከፈት DESIGN CAPACITY ባትሪው አዲስ እያለ የነበረው፣ FULL CHARGE CAPACITY አሁን የቀረው ነው። ሁለት ባትሪ መታየት አለበት። አንዱ ብቻ ከታየ ሌላው የለም ወይም ሞቷል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ ባትሪው ደክሟል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ላፕቶፑ በረራው ዋዜማ ከደረሰ መመለስ አይቻልም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እጇ መግባት አለበት።

ስለ ጉዞው ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ትርፍ ባትሪ ካለ ወደ ዕቃ ጭነት መግባት ስለማይፈቀድለት በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ ደረሰኙም አብሮ ይሁን። የአሜሪካ ሶኬት ጠፍጣፋ መሆኑ አያሳስብም። ቻርጀሩ ላይ 100-240V ከተጻፈ እዚህ ይሠራል፤ ገመዱን ብቻ መለወጥ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤያችን እንዲህ ነበር፦

«ይድረስ ለውድ እትዬ፣ ከሁሉ አስቀድመን ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለእህቴ የምንፈልገው ያገለገለ ThinkPad T480 ነው። መጨረሻው ላይ s ካለበት አይሁን፤ ከሥሩ 20L5 ወይም 20L6 የሚል ይፈልጉ። ስክሪኑ 1920 x 1080፣ ፕሮሰሰሩ i5-8 ብሎ የሚጀምር ይሁን። ራሙ 8 ቢሆንም ይበቃል። ታክስና ማመላለሻ ተጨምሮ ከ230 ዶላር እንዳያልፍ፤ ካለፈ ይቅር፣ ከኪስዎ እንዳይጨምሩ እንለምንዎታለን። ካላገኙት ተመሳሳይ ነው ያሉዎትን ሌላ ሞዴል አይግዙ፤ ይደውሉልን። ሲደርስዎ አብረን በስልክ እንፈትሸዋለን። ገንዘቡን በመጡ ቀን በባንክ ምንዛሪ አስበን ለእማማ እንሰጣለን። አክባሪ ልጆችዎ።»