ትረስቱ ለምን ፈረሰ? ንብረቱስ ወደ ማን ሄደ? በእንግሊዝ ሕግ ችግርና መፍትሄ

በእንግሊዝና ዌልስ ሕግ አንድ ሰው ንብረትን በስሙ ይዞ ጥቅሙን ግን ለሌላ ሰው እንዲያደርስ ሲገደድ ግንኙነቱ ትረስት ይባላል። ያዡ ባለአደራ ነው፤ ጥቅሙ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ተጠቃሚ ይባላል። ባለንብረቱ ራሱ አስቦ ያቋቋመው ትረስት ግልጽ ትረስት ነው። ይህ እንዲጸና ሦስት ነገሮች እርግጠኛ መሆን እንዳለባቸው ዳኛው ሎርድ ላንግዴል በ1840 ናይት በናይት ላይ ባቀረበው ክስ አስቀምጠዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እነሱም ሐሳቡ፣ ንብረቱና ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ ማወቅ ግድ ነው፤ ንብረቱ በመጨረሻ የማን እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነውና።

ምልክት፦ ኑዛዜው «አደራ» ይላል፤ የተቀበለው ሰው ግን «የራሴ ነው» ብሎ ያዘ

የጎደለው የሐሳብ እርግጠኝነት ነው። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ባለንብረቱ በተቀባዩ ላይ ሕጋዊ ግዴታ ጥሏል ወይስ ምኞቱን ብቻ ገልጿል ብሎ ነው። በ1884 በተወሰነ ጉዳይ አንድ ባል ንብረቱን ለሚስቱ ሲተው «በልጆቼ መካከል ተገቢውን እንደምታደርግ ሙሉ እምነት አለኝ» የሚል ቃል ጨምሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ቃል ሚስቲቱን አይገድዳትም፤ ንብረቱ የራሷ ነው አለ። እኛ ዘንድ «ልጆቼን አደራ፣ እሱ ያውቃል» የሚለው ቃል ትልቅ ክብደት አለው፤ በእንግሊዝኛ ኑዛዜ ውስጥ ተተርጉሞ ሲገባ ግን እንደ ምኞት የመቆጠር ዕድሉ ሰፊ ነው። ሐሳቡ ካልተረጋገጠ ተቀባዩ ንብረቱን እንደ ስጦታ ይወስዳል፤ ልጆቹ ሊከሱበት የሚችሉበት መብት አይኖራቸውም።

መፍትሄው በግዴታ ቃል መጻፍ ነው፦ «ባለአደራው ይህን ንብረት ለእገሌና ለእገሊት በትረስት ይይዛል»። ገንዘብን በተመለከተ ግን ትረስት የሚለው ቃል ራሱ የግድ አይደለም። ፖል የኮንስታንስን ሚስት በከሰሰችበት የ1970ዎቹ ጉዳይ፣ ኮንስታንስ የ950 ፓውንድ የጉዳት ካሳውን በራሱ ስም ባንክ አስገባ፤ አብራው ለምትኖረው ሴት ግን «ገንዘቡ የእኔ የሆነውን ያህል ያንቺም ነው» እያለ ደጋግሞ ይነግራት ነበር። ኑዛዜ ሳይተው ሲሞት ፍርድ ቤቱ ቃሉን የትረስት መግለጫ አድርጎ ወስዶ ግማሹን ለሴቲቱ ፈረደ።

ምልክት፦ ምን ያህሉ ወይም የትኛው እንደሆነ አይታወቅም

«ከንብረቴ አብዛኛውን» የሚለው ቃል በ1854 ወድቋል፤ አብዛኛው ስንት እንደሆነ ማንም ሊለካው አይችልም። በ1849 ደግሞ አንድ አባት ከቤቶቹ መካከል አንዷ ልጁ የምትመርጠውን ቤት ለእሷ፣ የቀሩትን ለእህቷ ብሎ ተናዘዘ። መራጯ ሳትመርጥ ሞተች፤ የእህቷ ድርሻ የትኛው እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ ስለጠፋ ትረስቱ ፈረሰ፣ ቤቶቹም ወደ ሟቹ ውርስ ተመለሱ። መፍትሄው የሒሳብ ቁጥሩን፣ የቤቱን አድራሻ፣ ድርሻውን በመቶኛ መጻፍ፣ ምርጫ ከተሰጠም «ካልመረጠች እንዲህ ይሁን» ብሎ መጨመር ነው።

ምልክት፦ «ለጓደኞቼ በእኩል ይከፈል»

በእኩል ለመክፈል ሙሉ የስም ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ጓደኛ የሚለው ደግሞ ወሰን የለውም። ባለአደራው ከቡድኑ መካከል እንዲመርጥ ሥልጣን ከተሰጠው ግን መለኪያው ይላላል፦ ከ1970 የማክፌል ውሳኔ ወዲህ ማንኛውም ሰው ሲቀርብ «ከቡድኑ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ መመለስ ከተቻለ ይበቃል።

እዚህ ላይ ውጤቱ ከመጀመሪያው ምልክት የተለየ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ስለሆነ ባለአደራው ንብረቱን ለራሱ ማስቀረት አይችልም፤ ለማን እንደሚያደርስ ግን አያውቅም። ስለዚህ ለሰጪው፣ ከሞተም ለውርሱ ይይዘዋል። ይህ ሪዘልቲንግ ትረስት ወይም ተመላሽ ትረስት ይባላል። ግልጹን ትረስት ባለንብረቱ በቃሉ ያቋቁመዋል፤ ተመላሹን ግን ሕጉ ራሱ፣ የጥቅሙ ባለቤት ክፍት ሆኖ ሲቀር፣ ያቆመዋል።

ምልክት፦ «ሰጥቼ ጨርሻለሁ» ብለው ሳለ ግብር መጣ

ይህን በግልጽ የሚያሳየው የቶኒ ቫንደርቬል ጉዳይ ነው፤ በ1958 የፎርሙላ ዋን የአምራቾች ሻምፒዮና ያሸነፈው የቫንዎል ቡድን ባለቤት የነበረው ሰው ነው። ለሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰርነት ወንበር ማቋቋሚያ 150,000 ፓውንድ ለመስጠት ፈለገ። ገንዘቡን በቀጥታ ከመስጠት ይልቅ የኩባንያውን አክሲዮኖች ለኮሌጁ አስተላለፈ፤ ትርፉ እንዲከፈለው ነው። ኋላ አክሲዮኖቹን በ5,000 ፓውንድ መልሶ የመግዛት መብት ደግሞ ለቤተሰቡ ባለአደራ ኩባንያ ተሰጠ። ያ ኩባንያ መብቱን ለማን እንደሚይዝ ግን አልተባለም። ያኔ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1966 ሲወስን፣ የመግዛት መብቱ ተጠቃሚ ስላልተነገረለት በተመላሽ ትረስት የራሱ የቫንደርቬል ነው አለ። በአክሲዮኖቹ ላይ ጥቅም ስለቀረለት የትርፉ ግብር በእሱ ላይ ወደቀ። ሰውየው ንብረቱ እንዲመለስለት ፈጽሞ አይፈልግም ነበር፤ ያም ሆኖ ተመለሰለት። አንድ መስመር «ለልጆቼ ትረስት ይያዝ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ባልደረሰ።

ምልክት፦ ገንዘቡ የእኔ፣ ቤቱ በወንድሜ ስም

ለንደን ውስጥ በወገኖቻችን መካከል ብዙ ቂም የሚፈጥረው ይህ ነው። እንበል፣ የሚከራይ አፓርታማ በ300,000 ፓውንድ ተገዛ። እህት 90,000 ከፈለች፤ ወንድም 210,000 በስሙ ከባንክ ተበደረ፤ ቤቱም በእሱ ስም ብቻ ተመዘገበ። በመካከላቸው የተጻፈ ነገር ከሌለ ሕጉ የሚነሳው እህትየው ገንዘቧን በስጦታ አልሰጠችም ከሚል ግምት ነው፤ ስለዚህ ወንድም 30 በመቶውን በተመላሽ ትረስት ይይዝላታል። «ስጦታ ነበር» ወይም «ብድር ነበር» የሚል ከሆነ ማስረጃ ማቅረብ የእሱ ፋንታ ነው። የሚቆጠረው በግዢው ጊዜ የተደረገው አስተዋጽኦ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የተከፈለ ወርሃዊ ክፍያ በዚህ መንገድ ድርሻ አይጨምርም። በግዢው ሰሞን የተላለፈው ገንዘብ የባንክ ማስረጃ ስለዚህ ወሳኝ ነው።

ሁለት ገደቦች አሉ። ከፋዩ አባት፣ የተመዘገበው ልጁ ከሆነ የሕጉ መነሻ ተገልብጦ ስጦታ ነው ይላል፤ ዛሬ ግን ይህ ግምት ደካማ ነው፣ በትንሽ ማስረጃም ይፈርሳል። ባልና ሚስት ወይም ጥንዶች አብረው የሚኖሩበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከ2007 ወዲህ ፍርድ ቤቶች የሚመለከቱት የጋራ ሐሳባቸውን እንጂ የከፈሉትን ድርሻ ብቻ አይደለም።

ተመላሽ ትረስት ጽሑፍ አይጠይቅም፤ የ1925 የንብረት ሕግ አንቀጽ 53 ነጻ አድርጎታል። በመሬትና በቤት ላይ ያለ ግልጽ ትረስት ግን በጽሑፍ ካልተረጋገጠና ካልተፈረመ በፍርድ ቤት አይቆምም። ስለዚህ ከግዢው በፊት የትረስት መግለጫ ሰነድ በጠበቃ አስጽፉ፣ የቤቱ ባለስም ይፈርምበት፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ ይጻፍ። ሰነዱ ካለ ፍርድ ቤቱ ማን ስንት ከፈለ የሚለውን ትቶ ሰነዱን ይከተላል፤ 90,000 የከፈለችው እህት «50 በመቶ» የሚል ከተጻፈላት 50 በመቶ ታገኛለች። ቀጥሎም በ`RX1` ቅጽ ለመሬት መዝገብ ቤቱ `Form A` የሚባለውን እገዳ እንዲያስገባ ጠይቁ። እገዳው ካለ ወንድም ብቻውን ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ሊቀበል አይችልም፤ ሁለተኛ ባለአደራ ካልተጨመረ ሽያጩ አይመዘገብም።