«አስፈሪ ታሪክ ጻፍልኝ» ብቻ ስትባሉ

ለሰው ታሪክ የምትጽፉ፣ «አንድ አስፈሪ ታሪክ ጻፍልኝ» ስትባሉ ወዲያው አትጀምሩ። መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ያነበዋል? ምን ያህል ይርዘም? እንዴት ይለቅ?

የአንባቢውን ዕድሜ አስቀድሙ፤ ሌላውን የሚወስነው እሱ ነው። አንባቢው የ6 ዓመት ልጅ ከሆነ ጣሪያው ላይ የሚያንኳኳው ነገር ድመት ሆኖ መገኘት አለበት፣ አለዚያ ልጁ እንቅልፍ አይወስደውም። ለአዋቂ ግን ያው ኳኳታ ምንነቱ ሳይታወቅ ቢቀር ይበልጥ ያስፈራል።

ርዝመቱን በቃላት ብዛት አትጠይቁ። «500 ቃል» ሲባል ብዙ ሰው ምን ያህል እንደሆነ አይታየውም። «ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ይሁን ወይስ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ?» ብትሉት ቶሎ ይመልሳል።

ፍጻሜው ላይ ዝም ብሎ «እንዴት ይለቅ?» ማለት አይሠራም፤ መልሱ «እንደፈለግክ» ነው። አማራጭ ስጡት፦ «ያንኳኳው ማን እንደሆነ ይታወቅ ወይስ በሩ ሲከፈት ይብቃ?» ይሄን ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ይታወቅ ካለ ፍንጩ ገና ከመነሻው፣ አንባቢ ልብ በማይልበት ቦታ መቀመጥ አለበት። በኋላ ፍጻሜ መቀየር ታሪኩን እንደ አዲስ መጻፍ ማለት ነው።

ሦስቱንም በአንድ መልእክት ላኩት፤ ተራ በተራ ሲጠየቅ ሰው ይሰለቻል። ታሪኩን ሲጠይቃችሁ መልሱን አብሮ ከነገራችሁ ደግሞ አታድክሙት። «ማታ ለልጄ የማነብላት» ካለ ታሪኩ አጭር፣ መጨረሻውም የሚያረጋጋ እንዲሆን ነግሯችኋል። ዕድሜዋን ብቻ ጠይቁና ጀምሩ።